ለታማሚ እርዳታ ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለታማሚ እርዳታ የሚጠይቅ ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ሲወጣ፣ ከሥሩ «እግዚአብሔር ይማረው» የሚለውና «እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አለ?» የሚለው ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። የሚጠራጠር ሁሉ ጨካኝ አይደለም፤ የሌላ ሰው ፎቶ ወስደው የራሳቸውን ሒሳብ ቁጥር የሚለጥፉ አጭበርባሪዎች አሉ። አንባቢ አጣርቶ ለመስጠት የሚያስፈልገው ሁሉ ይጻፍለት። ከዚያ ያለፈው የታማሚው ገመና ነው።

መከራውን ዘርዝሮ ወጪውን መተው

«ያለንን ጨርሰናል፣ ድረሱልን» የሚለው ልብ ይነካል፤ የጎደለው ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። ስሌቱን ያሳዩ። ለምሳሌ አንድ የኩላሊት እጥበት 2,500 ብር ቢሆንና ሐኪሙ በሳምንት 3 ጊዜ ቢያዝ፣ የሳምንቱ 7,500፣ የ12 ሳምንቱ 90,000 ብር ይመጣል። ቤተሰቡ 30,000 ካለው የሚጠየቀው 60,000 ነው። መድኃኒትና ትራንስፖርት ካለ ለብቻው ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን 2,500 ብር የላከ ሰው የአንድ ቀን እጥበት እንደሸፈነ ያውቃል።

የሐኪም ወረቀቱን እንዳለ መለጠፍ

ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለናል። ወረቀቱ ላይ የካርድ ቁጥር፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ አንዳንዴም የኤችአይቪ ወይም የሄፓታይተስ ምርመራ ውጤት አለ። አንዴ ከወጣ በኋላ ቢጠፋም ስክሪንሹቱ ሰው እጅ ይቀራል። የሆስፒታሉ ስም፣ ቀኑ፣ ማኅተሙና የታዘዘው ሕክምና ይታዩ፤ ሌላው ይሸፈን። በስልኩ ማድመቂያ ብዕር የተቀባ ጽሑፍ ብርሃኑ ሲጨመር ሊነበብ ስለሚችል፣ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ወፍራም ወረቀት ያስቀምጡበት። ማኅተምም ሊቀዳ ይችላልና፣ ደውሎ ለማጣራት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው አንድ አስታማሚ ይኑር።

ሒሳቡ የማን እንደሆነ አለመግለጽ

ታማሚው ሌላ፣ የሒሳቡ ባለቤት ሌላ ሲሆን ጥርጣሬው ከዚያ ይጀምራል። «ሒሳቡ የታላቅ እህቱ ነው» ብሎ ዝምድናውን መጻፍ ይበቃል። ጎፈንድሚ ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ስለማያስገባ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ከከፈተው ስሙና ገንዘቡ ለቤተሰቡ የሚደርስበት መንገድ ይገለጽ። የሒሳብ ቁጥሩን ፎቶው ላይ ራሱ ይጻፉት፤ ፎቶውን ሰርቆ ቁጥር መቀየር ይከብዳል።

ቅያሜና የሚያሳፍር ፎቶ መጨመር

«አባቱ ጥሎን ሄደ» ከተባለ ኮመንቱ ሁሉ ስለ አባትየው ይሆናል፣ ሕክምናው ይረሳል። በቱቦ የተያዘ ወይም ራቁቱን የተኛ ሰው ፎቶም አይለጠፍ፤ ፊቱ የሚታይ ቀለል ያለ ፎቶ በቂ ነው። ታማሚው መናገር ከቻለ ጽሑፉን ቀድሞ አንብቦ ይፍቀድ።

ገንዘቡ ከሞላ በኋላ ዝም ማለት

ጽሑፉ ሳይዘጋ ከተተወ ለወራት ሼር ይደረጋል፤ ሰጪውም እንደተታለለ ይሰማዋል። ከላይ «ሞልቷል» ብለው የገባውን ጠቅላላ ይጻፉ፣ የሒሳብ ቁጥሩን ያጥፉ። ታማሚው ካረፈም ይነገር፤ የተረፈው ብር ወዴት እንደሚሄድ አብሮ ይገለጽ።