ችግርና መፍትሄ፦ በውህደት ስሌት ላይ ጥሬ ገንዘብ ነጻ ሆኖ ሲታይ

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ገዢው ኩባንያ 100 ሚሊዮን ብር የተጣራ ትርፍና 10 ሚሊዮን አክሲዮኖች አሉት። ስለዚህ እያንዳንዱ አክሲዮን 10 ብር ያተርፋል፤ ገበያ ላይ ደግሞ በ150 ብር ይሸጣል። የሚገዛው ኩባንያ ትርፍ 20 ሚሊዮን ብር ሲሆን የተስማሙበት ዋጋ 400 ሚሊዮን ነው።

ምልክት፦ በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል በአንድ አክሲዮን የሚገኘው ትርፍ ወደ 12 ብር ይዘልላል።

ምክንያት፦ የስሌቱን ሰንጠረዥ የሠራው ሰው 120 ሚሊዮኑን ለ10 ሚሊዮን አካፍሎ ተነሣ። 400 ሚሊዮኑ ከየት እንደ መጣ አልጠየቀም። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳረምኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አንድ ጊዜ እንዲያውም የ20 በመቶው ዕድገት በባለቀለም ግራፍ ተሥሎ ለቦርድ ሊቀርብ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው የደረስኩበት። የወለዱ መስመር ባዶ ነበር።

መፍትሄ፦ ገንዘቡ በብድር ከመጣ ወለዱን፣ ከካዝና ከወጣ ደግሞ ያመለጠውን የተቀማጭ ወለድ ከግብር በኋላ ቀንሱ። በ15 በመቶ ብድርና በ30 በመቶ ግብር እንዲህ ነው፦

```
=(100+20-400*15%*(1-30%))/10
```

ውጤቱ 7.80 ብር ነው። አድጓል የተባለው ቀጠነ ማለት ነው።

ወለዱን ያልረሱትም ከውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ 5 በመቶ ገልብጠው ይመጣሉ። በዚያ ወለድ ውጤቱ 10.60 ይሆናል፤ «ጥሬ ገንዘብ ሁልጊዜ ያሳድጋል» የሚለው እምነትም የሚወለደው ከዚህ ነው። ባንኩ የጠየቃችሁን ወለድ ጻፉ እንጂ መጽሐፉ ያለውን አትጻፉ!

አሁን በአክሲዮን እንክፈል። 400 ሚሊዮን ለ150 ሲካፈል 2.67 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን ይወጣል፤ 120 ሚሊዮኑ ለ12.67 ሚሊዮን ሲካፈል 9.47 ብር ይሰጣል። ይህም ቀጥኗል፤ ግን የቀጠነው ከብድሩ ባነሰ መጠን ነው። ምክንያቱን ለማየት ሦስት ቁጥር ይበቃል። የተገዛው ኩባንያ ከተከፈለበት ዋጋ 5 በመቶ ያተርፋል። ብድሩ ከግብር በኋላ 10.5 በመቶ ያስወጣል። የገዢው አክሲዮን ደግሞ 10 ለ150፣ ማለትም 6.7 በመቶ ያስወጣል። ወጪው ከ5 በመቶ ከበለጠ ትርፉ ይቀጥናል። ሰንጠረዡ ከዚህ የተለየ ካሳየና የውህደት ቁጠባ ካልተጨመረበት፣ ቀመሩ ተበላሽቷል።

የቁጠባ ተስፋም ልክ አለው፦ ወደ 10 ብር ለመመለስ ብድሩ ከግብር በፊት 31.4 ሚሊዮን ብር፣ አክሲዮኑ ግን 9.5 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል። ከ20 ሚሊዮን አትራፊ 31 ሚሊዮን ቁጠባ አገኛለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ዝርዝሩን አስቆጥሩት።

አልፎ አልፎ የአዲሱ አክሲዮን ብዛት የሚሳሳተው ከስምምነቱ በፊት በነበረው የተገዢው የገበያ ዋጋ ስለተሰላ ነው፤ ጭማሪውን ጨምሮ በተከፈለው ዋጋ አስሉት። ግዢው በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከተፈጸመ ደግሞ የግማሽ ዓመት ትርፍ ለሙሉ ዓመት በተቆጠረ አዲስ አክሲዮን አይካፈልም።