ሽንት ሲያቃጥልሽ እነዚህን ስህተቶች አትስሪ

የምሠራው ድሬዳዋ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ አንድ ጥያቄ ይበዛብናል። ሴትየዋ ትገባለች፣ ሌላው ሰው እስኪወጣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሽንቴን እያቃጠለኝ ነው፣ የሆነ ነገር ስጪኝ" ትለኛለች። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው። የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ነው፣ በትክክለኛው መድኃኒት በጥቂት ቀን ይድናል። እኔን የሚያሳስበኝ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሌላ በሽታ እየመሰለ የሚቆየው ነው። እዚህ ከተማ ደግሞ ትኩሳት ሲመጣ ሌላ በሽታ ለመጠርጠር ምክንያት አይጠፋም።

መጀመሪያ የፊኛው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ስትሸኚ ያቃጥላል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ያጣድፋል፣ ስትሄጂ ግን ጠብ የሚለው ትንሽ ነው። ከእምብርት በታች ይከብድሻል ወይም ያምሻል። ሽንቱ ሊደፈርስ፣ ሊሸት፣ አንዳንዴም ደም ሊቀላቀልበት ይችላል። ትኩሳት ግን የለም፣ ጎንሽንም አይወጋሽም። ብዙውን ጊዜ መንስኤው ኢ. ኮላይ የሚባል አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ ከውጭ ፊኛ ጋ ለመድረስ ሩቅ መንገድ አይጠብቀውም። ስለዚህ ይህ በሽታ ያዘሽ ማለት ንጽሕና ይጎድልሻል ማለት አይደለም፣ ባልሽም አንቺም ስህተት ሠርታችኋል ማለት አይደለም። ማፈሩ ይቅር።

"ሙቀቱ ነው" ብሎ መተው

ድሬ ላይ ይህ ግምት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ቀኑን ሙሉ አልቦሽ ውሃ ካልጠጣሽ ሽንትሽ ወፍሮ ሻይ ይመስላል፣ ሲወጣም ለብለብ ያደርጋል። ግን መለያ አለው። ጥላ ፈልጊና በሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ ጥቂት ብርጭቆ ውሃ ጠጪ። ሽንቱ ገርጣ ብሎ ማቃጠሉም ከጠፋ የውሃ ጥም ነበር። ሽንቱ ነጥቶ ማቃጠሉና ማጣደፉ ካልለቀቀሽ ግን ጥፋቱን ሙቀቱ ላይ አትጣይው።

ሌላው ደግሞ ውሃ የሚቀንሱት ናቸው። ሲያቃጥል ሽንት ቤት መሄድ ያስፈራልና "ካልጠጣሁ አልሸናም" ይላሉ። ገበያ ላይ የሚውሉ ሴቶች ደግሞ ከመታመማቸውም በፊት ሽንት ቤት ስለሌለ ነው ሳይጠጡ የሚውሉት፣ የያዙትንም እስከ ማታ ይይዙታል። ፊኛ ውስጥ የቆመ ሽንት ለባክቴሪያው መራቢያ ነው፣ ሽንት ሲፈስ ግን ይዞት ይወጣል። አምስት ሊትር በግድ አፍስሺ አልልሽም። ሽንትሽ ገርጣ ያለ ቢጫ እስኪሆን ጠጪ፣ ሲመጣ ሂጂ፣ ቸኩለሽ አትነሺ፣ ጨርሰሽ ሽኚ። ቡና፣ ሻይና ለስላሳ ለእነዚህ ቀናት ቀንሺ፣ የታመመውን ፊኛ ያባብሱታል። ሞቅ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ሆድሽ ላይ ብታደርጊ ሕመሙን ያስታግሳል፣ ቆዳሽን እንዳያቃጥልሽ ብቻ።

ውስጥን በሳሙና፣ በዴቶል ወይም በሎሚ መታጠብ

በሽታው ያለው ፊኛ ውስጥ ነው፤ የምታጥቢው ቦታ ሌላ ነው። የሚሆነው ነገር ቢኖር ቆዳው ተቆጥቶ ማቃጠሉ በእጥፍ መጨመሩ ነው። ከሚከላከለው ወገን የሚቆጠሩትን ደጋግ ባክቴሪያዎችም ታጥቢያቸዋለሽ። ከውጭ በውሃ ብቻ በቂ ነው። ወይባ ጢስም ቢሆን ፊኛ ጋ አይደርስም። ሌላ የሚለይ ነገር ደግሞ አለ። ሽታ ያለው ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፈሳሽ ካለሽ፣ ካሳከከሽ ወይም ማቃጠሉ ሽንቱ ውጭውን ሲነካ ብቻ ከሆነ፣ ነገሩ የማኅፀን በር ወይም የብልት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መታየት አለብሽ። የፊኛው መድኃኒት ያንን አያድንም።

ከጎረቤት የተረፈ እንክብል መዋጥ

"አሞክሳሲሊን አለኝ፣ እሱን ልጀምር?" ብላ የምትጠይቀኝ ብዙ ናት። አትጀምሪ። አገራችን ውስጥ በሽንት ኢንፌክሽን ከሚገኘው ኢ. ኮላይ አብዛኛው አሞክሳሲሊንን ተላምዶታል። ኮትሪሞክሳዞልም በብዙ ሰው ላይ አይሠራም። ሁለት ቀን ትውጫለሽ፣ ትንሽ ቀለል ይልሻል፣ ታቆሚያለሽ። የሞተው ደካማው ባክቴሪያ ነው፣ ጠንካራው ይቀራል።

ለፊኛ ኢንፌክሽን ሐኪም በብዛት ከሚያዝዛቸው አንዱ ናይትሮፉራንቶይን ነው፣ በተለምዶ ለአምስት ቀን፣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ሽንትሽን ቡናማ ቢያደርገው አትደንግጪ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ስለዚህ መድኃኒት እያንዳንዷ ሴት እንድታውቅልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሽንት ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ በኩላሊቱ ሥጋ ውስጥ በቂ ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ ፊኛን ያድናል፣ ኩላሊትን አያድንም። በፊት የታዘዘልሽን ስም ይዘሽ መጥተሽ "ባለፈው ያዳነኝን ስጪኝ" ስትዪኝ ጥያቄ የማበዛብሽ ለዚህ ነው። አሁን ጎንሽ እየወጋሽና እያተኮሰሽ ከሆነ ያ መድኃኒት አይሆንሽም።

ምልክቱ ቀላል ከሆነና እርጉዝ ካልሆንሽ፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ጠጠር ከሌለብሽ፣ ውሃ እየጠጣሽ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ትችያለሽ። አንዳንዷ በራሱ ይለቃታል። በ48 ሰዓት ካልተሻለሽ ወይም ከባሰብሽ ተመርመሪ። እርጉዝ ከሆንሽ ግን አንድም ቀን አትጠብቂ፣ በእርግዝና ጊዜ ወደ ኩላሊት የመውጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፣ መድኃኒቱም ተመርጦ ነው የሚሰጠው። ሽንት ለምርመራ ስትሰጪ የመጀመሪያውን አፍስሺ፣ መሃከለኛውን ዕቃው ውስጥ ተቀበዪ። ከምርመራው በፊት ደግሞ ውሃ በብዛት አትጋቺ፣ ሽንቱ ከቀጠነ ውጤቱን ያደበዝዘዋል።

ትኩሳቱን "ደንጊ ነው" ብሎ መደምደም

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሬ ትንኝ የሚያስተላልፋቸውን ደንጊ፣ ወባና ቺኩንጉንያ የምታውቅ ከተማ ናት። በ2019 እንደ ፈረንጆቹ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ስንቱን ቤት እንዳስተኛ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ስለዚህ ማንም ብርድ ብርድ ሲለው መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣው ደንጊ ወይም ወባ ነው።

እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች። ሽንቷን ማቃጠል ሲጀምራት ከእህቷ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሁለት ቀን ዋጠችና ማቃጠሉ ቀለል ሲላት ተወችው። ከጥቂት ቀን በኋላ ማታ ላይ ጥርሷ እስኪንቀጫቀጭ አንዘፈዘፋት፣ ከዚያ ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለ። ቤት ያለው ሁሉ "ደንጊ ነው" አለ። ዲክሎፌናክ ገዝታ ዋጠች፣ ላብ በላብ ሆና ትኩሳቱ ወረደ፣ ሌሊት ተመልሶ መጣ። በማግስቱ ለወባ ደሟ ታየ፣ ነፃ ነሽ ተባለች። ቀኝ ጎኗን እየወጋት ነበር፣ እሷ ግን የልብስ ጆንያ ስላነሳሁ ነው ብላ ነበር። ሦስተኛ ቀን ላይ ውሃ እንኳን ያስመልሳት ጀመር።

እኔ ጋ የመጣችው የማስመለስ ማስታገሻ መድኃኒት ፈልጋ ነው። "ሽንትሽንስ?" አልኳት። "እሱማ ባለፈው ሳምንት ነበር፣ አሁን ትቶኛል" አለችኝ። ማቃጠሉን ለማንም አልተናገረችም። ወደ ሆስፒታል ላክኳት፣ ሽንቷ ውስጥ መግል ተገኘ፣ የኩላሊት ኢንፌክሽን ነበር። ክኒን አይረጋላትምና በመርፌና በግሉኮስ ነበር የጀመሩላት፣ ከዚያ በክኒን ጨረሰች።

ተመልከቺ፣ ማቃጠሉ ጠፍቶ በሽታው ግን ወጥቶ ነበር። ማቃጠሉ ጠፋ ማለት ሁሌም ዳንሽ ማለት አይደለም።

እንዴት ትለያለሽ? የኩላሊቱ ሕመም ወገብ መሃል ላይ አይደለም። ከጎድን አጥንት በታች፣ ከአከርካሪው በስተግራ ወይም በስተቀኝ ነው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን። እዚያ ላይ በእጅ ቀስ ብሎ መታ ሲደረግ ያስዘልላል። ጆንያ በማንሳት የመጣ ሕመም ስትጎነበሺና ስትዞሪ ይጨምራል፣ ስትተኚ ይቀንሳል። የኩላሊቱ ግን ብትገለባበጪም አይለቅሽም። ደንጊ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዓይን በስተጀርባ ያማል፣ መገጣጠሚያ ሁሉ ይሰባበራል፣ ሽፍታም ሊያወጣ ይችላል። ቁርጥ ያለ ልዩነት ግን አይደለም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊይዙሽ ይችላሉ። ስለዚህ ለሐኪሙ አንዲት ዓረፍተ ነገር አትደብቂው፦ "ከዚህ ቀን ጀምሮ ሽንቴን ያቃጥለኝ ነበር።" ይህን ሲሰማ ከደሙ ጋር ሽንቱንም ያያል። ወንድ ሐኪም ፊት ካፈርሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪው፣ ወይም ነርሷን ጠርተሽ ንገሪያት።

ለትኩሳትና ሕመም ደግሞ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ተዪ። ደንጊ ከሆነ የመድማት አደጋ ይጨምራሉ፣ የኩላሊት ከሆነ ደግሞ ውሃ ባጠረው ሰውነት ላይ ኩላሊቱን ይጎዱታል። ፓራሲታሞል ይበቃሻል፦ የጉበት ችግር ለሌላት ትልቅ ሴት ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከስምንት ፍሬ አይለፍ።

ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ማንዘፍዘፍ፣ የጎን ሕመም፣ ማስመለስ፣ ከእነዚህ አንዱ ከሽንት ችግር ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ሂጂ። መድኃኒት የማይረጋልሽ፣ ራስሽን የሚያዞርሽ፣ ግራ የሚያጋባሽ፣ ወይም ሽንትሽ የቀነሰ ከሆነ ደግሞ ባጃጅ ጥሪና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። እርጉዝ፣ ስኳር ያለባት ወይም አንድ ኩላሊት ብቻ ያላት ሴት ደግሞ ምልክቱ ቀላል ቢመስላትም እንዳትቆይ።

መድኃኒት ከጀመርሽ በኋላ ትኩሳቱ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ መውረድ አለበት። በሦስተኛው ቀን እንደነበረ ከሆነ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶታል ወይም ጠጠር አለ ማለት ሊሆን ይችላልና ተመልሰሽ ሂጂ፣ ባክቴሪያውንና የሚገድለውን መድኃኒት የሚለየውን የሽንት ካልቸር ምርመራም ጠይቂ። ከወረደልሽ የታዘዘውን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዋጪ።