በሰኔ 30 ያማረ፣ በጥር የሚታነቅ እቅድ

እህትና ወንድም ናቸው። ጎንደር፣ አዘዞ ላይ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ሊከፍቱ አስበው እቅዳቸውን ይዘውልኝ መጡ። እኔ የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ነው፤ ሰው ባንክ ከመሄዱ በፊት ወረቀቱን እንዳይለት ያመጣልኛል። ፒያሳ ቡና አዘን ተቀመጥን። "ጋሼ፣ ሬሾዎቹ ሁሉ ያልፋሉ" አለኝ ወንድምየው። እውነቱን ነው፣ ያልፋሉ። የሚያልፉት ግን እሱ ባሰላቸው ቀን ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች የእነሱ እቅድ ዋጋዎች ናቸው። እናንተ የሰሞኑን ገበያ አስገቡበት፤ የምርመራው መንገድ አይለወጥም።

ምልክት አንድ፦ ሬሾው 2 ይላል፣ በጥር ግን ካዝናው ባዶ ነው

በሰኔ 30 የሀብትና ዕዳ መግለጫቸው ላይ ጥሬ ገንዘብ 250 ሺህ፣ ከሱቆች የሚሰበሰብ 450 ሺህ፣ የኑግና የዘይት ክምችት 500 ሺህ ብር አለ። ድምሩ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ። የአጭር ጊዜ ዕዳው ደግሞ 600 ሺህ ነው፤ 400 ሺህ የሥራ ማስኬጃ ብድር፣ 200 ሺህ ለነጋዴ የሚከፈል። ሲካፈል 2 ይመጣል። ለአንድ ብር ዕዳ ሁለት ብር አለ ማለት ነው። ደስ ይላል።

እቅዱ መጨረሻ ላይ ያለውን የወር በወር የገንዘብ ሠንጠረዥ ገለጥኩ። ጥር ላይ ካዝናው ውስጥ የሚቀረው 40 ሺህ ብር ነው። ኪራይ፣ ደሞዝና ትራንስፖርት ብቻ በወር 50 ሺህ ያልፋል። ራሳቸው የጻፉት ወረቀት ነው፤ ያላዩት ለባንኩ የሚታየው የፊተኛው ገጽ ስለሆነ ነው።

መንስኤው ሦስት ነው። የመጀመሪያው ተራ ስህተት ነው፤ በየእቅዱ ስለማየው ግን ሁሌም መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። የማሽኑ ብድር አንድ ሚሊዮን ብር ሲሆን በ5 ዓመት የሚከፈል ነው፤ እነሱም ሙሉውን "የረጅም ጊዜ ዕዳ" ብለው አስቀመጡት። በሚቀጥሉት 12 ወራት የሚከፈለው 200 ሺህ ግን የአጭር ጊዜ ዕዳ ነው። እሱ ሲጨመር ዕዳው 800 ሺህ ይሆናል፤ 2 የነበረው ወደ 1.5 ይወርዳል።

ሁለተኛው ክምችቱ ነው። ባንክ ለወለድ ኑግ አይቀበልም። ኑጉ ተጨምቆ፣ ዘይቱ ተሸጦ፣ ባለሱቁ እስኪከፍል ሁለት ወር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ክምችቱን አውጥታችሁ ጥሬ ገንዘቡንና ተሰብሳቢውን ብቻ በዕዳው አካፍሉ። 700 ሺህ ለ800 ሺህ፣ ማለትም 0.88። ይሄ ገና አያስደነግጥም።

የሚያስደነግጠው ሦስተኛው ነው፤ ቀኑ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ ሁሉም ሰው ሬሾውን የሚያሰላው በዚያ ቀን ነው። ለዘይት ጨማቂ ግን ሰኔ 30 ቀላሉ ቀን ነው። በሁዳዴ ጾም ዘይት በደንብ ተሸጧል፣ ከብድሩ አብዛኛው ተመልሷል፣ መጋዘኑ ጎድሏል። ከባዱ ጊዜ ኑጉ ታጭዶ ገበያ የሚወጣበት ታኅሣሥና ጥር ነው። ያን ጊዜ መጋዘን ይሞላል፣ ካዝና ይራቆታል። ከተማው ለጥምቀት በእንግዳ ሲጥለቀለቅ የእነሱ ብር በጆንያ ተቀምጧል።

እስቲ የጥርን መጨረሻ እንሥራው። ጥሬ ገንዘብ 40 ሺህ፣ ተሰብሳቢ 360 ሺህ፣ ክምችት 1 ሚሊዮን 960 ሺህ። የአጭር ጊዜ ዕዳው፦ የሥራ ማስኬጃ ብድር 1 ሚሊዮን፣ ኑግ በዱቤ ለሰጡ ነጋዴዎች 800 ሺህ፣ የዓመቱ የማሽን ክፍያ 200 ሺህ፤ ድምር 2 ሚሊዮን። ክምችቱ ሲቆጠር 1.18 ይላል። ክምችቱ ሲወጣ ግን 0.20። ለአንድ ብር ዕዳ ሃያ ሳንቲም። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ከ1 በላይ ስለሆነ ማንም አይነቃም። ቁጥሩን ደግፎ የያዘው ጆንያው ነው።

መፍትሄው ሬሾውን በዓመት ሁለት ጊዜ ማስላት ነው፤ አንዴ በሰኔ 30፣ አንዴ በገንዘብ ሠንጠረዡ ላይ ካዝናው ከሁሉ ባነሰበት ወር። ከዚያ የሚከፈለውን ወደሚሸጥበት ወር መግፋት። የሥራ ማስኬጃ ብድሩ ዋናው ገንዘብ በጥር ሳይሆን ከፋሲካ በኋላ እንዲመለስ ብድሩ ሳይፈረም ነው መደራደር ያለበት፤ ከተፈረመ በኋላ ልመና ይሆናል።

ሌላው አማራጭ ኑጉን ቀንሶ መግዛት ነው። መቶ ኩንታል ቢቀንሱ፣ በ9 ሺህ ሂሳብ 900 ሺህ ብር ዕዳ ይቀራል። የአጭር ጊዜ ዕዳው 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ይሆንና 0.20 የነበረው 0.36 ይደርሳል። ግን በነጻ አይደለም። ያቺን መቶ ኩንታል በክረምት በ10 ሺህ ከገዟት 100 ሺህ ብር ከትርፍ ላይ ሄደ ማለት ነው። ትርፉ ያን ይችላል ወይ? ወደ ሁለተኛው ምልክት የወሰደን ይሄ ጥያቄ ነው።

ምልክት ሁለት፦ ሽያጩ ትልቅ ነው፣ ትርፉ ቀጭን

በእቅዱ በዓመት 600 ኩንታል ይጨመቃል። ከአንድ ኩንታል 32 ሊትር ዘይትና 60 ኪሎ ፋጉሎ ይወጣል። ዘይቱ በሊትር 330፣ ፋጉሎው በኪሎ 24 ብር። ጠቅላላ ሽያጭ 7 ሚሊዮን 200 ሺህ። ለኑግ 5 ሚሊዮን 400 ሺህ፣ ለመብራት፣ ለጨማቂዎችና ለጀሪካን 360 ሺህ ሲወጣ 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ይተርፋል። ከሽያጩ 20 በመቶ መሆኑ ነው። ኪራዩ፣ ደሞዙና የማሽኑ የእርጅና ተቀናሽ 720 ሺህ ሲቀነስ፣ ከወለድና ከግብር በፊት 720 ሺህ ይቀራል፤ 10 በመቶ።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "32 ሊትሯን ከየት አመጣችኋት?" እህትየው ሳቀች። ማሽኑን የሚሸጠው ሰው ነግሯቸው ነው።

መንስኤው ይሄው ነው። ጥሬ ዕቃው ከሽያጩ ሦስት አራተኛውን በሚበላበት ሥራ የትርፍ ህዳጉ የሚቆመው በአንዲት የምርት ግምት ላይ ነው። ኑጉ ገለባና አፈር ካለበት፣ እርጥበት ከያዘ፣ ወይም የመጭመቂያው ብሎን ከተበላ ዘይቱ ይቀንሳል። የሻጭ ቁጥር የሚመጣው ከአዲስ ማሽንና ከተበጠረ ኑግ ነው።

መፍትሄውም ከወረቀት ውጭ ነው። ሁለት ኩንታል ኑግ ከራሳቸው ነጋዴ፣ እንዳለ ሳይመረጥ እንዲገዙና የሚሠራ መጭመቂያ ወዳለው ሰው ወስደው ከፍለው እንዲያስጨምቁ ነገርኳቸው። ዘይቱ ሲጠል ለኩት። 60 ሊትር። በኩንታል 30 ማለት ነው።

ሁለት ሊትር ምን ታደርጋለች? በ600 ኩንታል 1,200 ሊትር ናት፤ 396 ሺህ ብር። ያልወጣው ዘይት ፋጉሎው ውስጥ ይቀርና ክብደት ይጨምራል፤ እሱ ግን በፋጉሎ ዋጋ 26 ሺህ ገደማ ቢመልስ ነው። 720 ሺህ የነበረው ወደ 350 ሺህ ወረደ። ዘይቱ የቀነሰው በአሥራ ስድስት አንድ እጅ፣ ትርፉ የቀነሰው በግማሽ። በክረምት በውድ ለመግዛት የሚሆነው 100 ሺህም እዚሁ ውስጥ አለቀ።

ስለዚህ በማንኛውም እቅድ ላይ ህዳጉን ስታዩ መቶኛው ጥሩ ነው ወይ ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። የትኛዋ ቁጥር ብትዛባ ነው የሚጠፋው? እሷን ፈልጉና በእጃችሁ ለኩ።

ምልክት ሦስት፦ ዕዳው ልከኛ ይመስላል፣ ክፍያው ግን አይዘለቅም

በሰኔ 30 ጠቅላላ ዕዳው 1 ሚሊዮን 400 ሺህ፣ የባለቤቶቹ ካፒታል 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው። ዕዳ ለካፒታል 1.17። በጥር ያው ስሌት ከ2 በላይ ይሆናል፤ ይህን ከላይ ካለው ታሪክ መገመት አያቅትም።

ያልተገመተው ሌላ ነው። "ካፒታሉ ሙሉ የናንተ ነው?" አልኳቸው። ተያዩ። 300 ሺህ ውጭ አገር ያለ አጎታቸው የላከው ነው፤ "ስትችሉ ትመልሱልኛላችሁ" ብሎ። እንግዲህ የሚመለስ ገንዘብ ዕዳ ነው፤ ወለድ ባይኖረውም፣ የአጎት ቢሆንም። ከካፒታል ወደ ዕዳ ሲዞር 1.7 ሚሊዮን ለ900 ሺህ፣ 1.89 ይሆናል። የዕቁብ ዕጣ ቀድሞ ወስዶ "ካፒታሌ" የሚልም ያው ነው፤ የቀሩት ዕጣዎች ዕዳው ናቸው።

መፍትሄው ከአጎት ጋር ቁርጥ ያለ ወረቀት መጻፍ ነው። ወይ ባለድርሻ ይሆናል፤ ወይ የባንኩ ብድር ሳያልቅ እንደማይጠይቅ ይፈርማል። በሁለተኛውም ቢሆን ዕዳነቱ አይቀርም፤ ቢያንስ ግን በጥር አይመጣም።

አሁን ዋናውን ፈተና። በዓመት ወለዱ 300 ሺህ፣ የማሽኑ ዋና ክፍያ 200 ሺህ፣ ድምር 500 ሺህ። መክፈያው ደግሞ ከወለድ በፊት ያለው ትርፍ ነው፤ የእርጅና ተቀናሹ 100 ሺህ ከካዝና ስለማይወጣ ይመለስለታል። በ32 ሊትር 820 ለ500፣ 1.64 ነው። በ30 ሊትር 450 ለ500፣ 0.9። ወለዱን ብቻ ብታዩ 350 ለ300 ይሸፍናልና "ደህና ነው" ትላላችሁ። ዋናው ገንዘብ ሲጨመር ግን ግብር እንኳ ሳይነሳ 50 ሺህ ይጎድላል።

ብድሩን ማራዘም ይረዳ እንደሆነ ሞከርን። የማሽኑን በ8 ዓመት ብናደርገው የዓመቱ ዋና ክፍያ 125 ሺህ ይሆናል፤ 450 ለ425፣ 1.06። አንድ ጊዜ መብራት ለሳምንት ቢጠፋ ያልቃል። ጉድለቱ የጊዜ ቢሆን ማራዘም ያድነው ነበር፤ የህዳግ ጉድለት ግን በማራዘም አይሞላም።

የተገኘው መውጫ ከእህትየው ነው የመጣው። ማሽኑ በዓመት ከ600 ኩንታል በላይ መጭመቅ ይችላል፤ ብሩ ስለሌለ ነው የሚቆመው። ለምን የሰው ኑግ በአገልግሎት ክፍያ አንጨምቅም? አለች። ኑጉ የባለቤቱ፣ ዘይቱም የባለቤቱ። በኩንታል 900 ብር ቢያስከፍሉ፣ ጀሪካን ስለሌለበት ወጪው 400 ቢሆን፣ 400 ኩንታል 200 ሺህ ያመጣል። 650 ለ500፣ 1.3። ከዚያ በላይ ደግሞ ክምችት አይጠይቅም፣ ዱቤ አይጠይቅም፤ የጥርን 0.20 አያባብስም።

"400 ኩንታሉን ማን ያመጣል?" አልኩ። መቼም ከማሽን ሻጩ አይጠየቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ወርደው ኑግ ይዞ የመጣውን ገበሬ፣ አሁን የት እንደሚያስጨምቅና ስንት እንደሚከፍል ሊጠይቁ ተነሱ። ወንድምየው እቅዱን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ሄደ።