አዲስ ሥራ ስትጀምሩ የምትለጥፉት ጽሑፍ፦ ምስጋናውንም ግብዣውንም እንዴት እንደምትጽፉ

የራሴን ስፌት ቤት የከፈትኩት 6 ዓመት ሰው ቤት ተቀጥሬ ከሰፋሁ በኋላ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ሁለት ማሽን፣ አንድ መተኮሻ፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ። በሩን በከፈትኩበት ቀን ማታ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። ያ ጽሑፍ ደንበኛ አመጣልኝ፣ ሁለት ሰውም አስቀየመብኝ። አሁን የሚከፍት ወዳጅ ሲመጣ ጽሑፉን አብሬ እጽፋለሁ፤ የምንሄድበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አቅማችሁን ቁጠሩ። እኔ የለጠፍኩት ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ የጥር ሰርግ አለ። ትዕዛዙ ጎረፈ፣ ሸማኔው ግን ጥበቡን አላደረሰልኝም። አራት ሰው ቀብድ መለስኩ። ስለዚህ በሳምንት ስንት ቀሚስ እንደምታወጡ ሳታውቁ አትለጥፉ። ፈቃዱ፣ ቁልፉ፣ ዕቃው እጃችሁ ይግባ።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር። ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍን ከላይ ጥቂት መስመር ብቻ አሳይቶ ይቆርጠዋል። ብዙ ሰው ግን «ሕይወት ረጅም ጉዞ ናት» ብሎ ይጀምርና ምን እንደከፈተ ሳይታወቅ መስመሩ ያልቃል። ምን፣ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፤ ሦስቱን መጀመሪያ ተናገሩ።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን፣ ምስጋናው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ እቁቡ ሲደርሰው የአንዱን ማሽን ብር አበድሮኝ ነበር። እኔም ስሙንም፣ የብሩንም ልክ ጻፍኩት። ያከበርኩት መስሎኝ ነው። በማግስቱ ሁለት ዘመድ ደውሎ ብድር ጠየቀው። ከሁሉ የከፋው ግን ከዓመት በፊት ጠይቆት «የለኝም» ያለው ሰው ጽሑፉን ማንበቡ ነው፤ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። የአክስቴ ልጅ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፣ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው ደግሞ የረሳሁት ሰው ነው። ጎረቤታችን እትዬ፣ እኔ ማታ ማታ ጥልፍ ስማር ልጄን አብልተው የሚያስተኙልኝ እሳቸው ነበሩ። ፌስቡክ የላቸውም። ልጃቸው ጽሑፉን እያነበበችላቸው ስማቸው ይመጣል ብለው ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ አልመጣም። ቡና ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ምን ነካሽ ልጄ» ብለው ሳቁ፣ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። ወረቀት አወጣለሁ፤ ሰው ሳይሆን ሥራ እጽፋለሁ። ማን ብር ሰጠ፣ ማን ልጅ ያዘ፣ ማን ቤት አፈላለገ፣ ማን የመጀመሪያዋን ቀሚስ አዘዘ። በስም ስትጀምሩ ቶሎ የሚታወሱት ሰሞኑን ያገኛችኋቸው ናቸው። በሥራ ስትጀምሩ ግን እትዬም ይመጣሉ።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ። ታላላቆችንና ብር ያበደሩኝን ሳልለጥፍ በፊት እደውልላቸዋለሁ፣ ቅርብ ካሉም ቤታቸው እሄዳለሁ። ወሬውን ከእኔ አፍ እንጂ ከሌላ ሰው ስልክ መስማት የለባቸውም። በስም የማነሳቸው ቢበዛ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ እነሱንም አስፈቅጄ። የቀረውን ያለ ስም፣ በሥራው ብቻ አመሰግናለሁ፦ «ማታ ማታ ልጄን ለያዛችሁልኝ»። ባለቤቱ ራሱን ያውቃል፣ ሌላው ደግሞ «እኔስ?» አይልም። ብር ሲነሳ ስምም ልክም አይጻፍ። «በክፉ ቀን የደረሳችሁልኝ» ይበቃል።

የድሮ አሠሪያችሁን ካመሰገናችሁ ስላስተማሩት ሙያ ብቻ አመስግኑ። ደንበኞቻቸውን የሚጠራ የሚመስል ቃል አንድም አታስገቡ።

ግብዣው አጭር ነው፣ ግን ልክ አለው። «ፍጠኑ! አሁኑኑ ይደውሉ! ሼር!» የሚለውን ተዉት። አመስግናችሁ ወዲያው እንደዚያ ከጮኻችሁ ምስጋናው ለገበያ የተጻፈ ይመስላል፣ ሰውም ይሸሻል። እኔ ምን እንደምሠራና ምን ያህል እንደምቀበል እናገራለሁ፣ ከዚያ ሳይገዙም ሊያናግሩኝ የሚችሉበትን ትንሽ በር እከፍታለሁ። ቀሚስ ማዘዝ ትልቅ ውሳኔ ነው። የጥበብ ናሙና ማየት ግን ማንንም አያስፈራም።

ለወዳጄ የጻፍነው እንዲህ ይላል፦

«ከ6 ዓመት ቅጥር በኋላ ሽሮ ሜዳ የራሴን የሐበሻ ቀሚስ ስፌት ቤት ከፍቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ክፍት ነኝ። የአንገት ጥልፍ እጄን ይዛ ላስተማረችኝ ለእገሊት፣ ማታ ማታ ልጄን ለያዛችሁልኝ፣ በክፉ ቀን ለደረሳችሁልኝ ሁሉ፣ ብድራችሁን ለመመለስ ያብቃኝ። በሳምንት 3 ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ያረጀ ቀሚስም አስተካክላለሁ። ለማዘዝ ባታስቡም የጥበብ ናሙና ማየት ከፈለጋችሁ በቴሌግራም ጻፉልኝ፣ ፎቶ እልክላችኋለሁ።»

ከስር የስልክ ቁጥሩ ብቻ አለ። «እገሊት» ያልኩበት ቦታ አስፈቅደን ስሟን ጽፈናል። «3 ቀሚስ» የሚለውን እንዳትንቁት። ሰው እጃችሁ ውስን መሆኑን ሲያይ ወረፋ ይይዛል፣ ዋጋችሁንም ለመቁረጥ አይቸኩልም።

ስለ ስልክ ቁጥሩ ትንሽ ልበል። እኔ ቁጥሬን ባነር ላይ አሠርቼ ፎቶውን ነበር የለጠፍኩት። ፎቶ ላይ ያለ ቁጥር በብዙ ስልክ ተጭኖ አይደወልም፣ በቀላሉ ኮፒም አይደረግም። የቤተሰብ ቀሚስ ለልጅ ክርስትና የምታሠራ አንዲት እህት ዋሽንግተን ሆና ከፎቶው ላይ 09 ብላ እየገለበጠች ስትደውል አልገባላትም። ከውጭ ሲደወል የፊተኛው ዜሮ ይወጣና +251 ይገባል፣ ከዚያ የቀሩት 9 አሃዞች ይከተላሉ። 07 ለሚጀምርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቁጥሩን በጽሑፍ፣ +251 ብላችሁ አስገቡ። ዋትስአፕ የምትጠቀሙ ከሆነ wa.me/ ብላችሁ 251ን ከ9ኙ አሃዝ ጋር ሳትለያዩ ቀጥሉበት፣ ያለ መደመር ምልክት። ለባነር ያወጣሁትን ብር ክር ብገዛበት ይሻለኝ ነበር። በስልክ፣ ጠዋት በር ላይ በፀሐይ ብርሃን የተነሳ የአንድ ቀሚስ ፎቶ ይበቃል፤ ጥልፉ ቀረብ ብሎ ይታይ።

ቴሌግራም ላይም የምትለጥፉ ከሆነ ክፍያ በሌለው አካውንት ከፎቶ ጋር የሚሄድ ጽሑፍ ከ1024 ፊደል አይበልጥም። ከላይ ያለው ጽሑፍ በደንብ ይገባል።

ከለጠፋችሁ በኋላ «እንኳን ደስ አለሽ» ለሚላችሁ ሁሉ በስሙ መልሱ። ልብ ምልክት ተጭናችሁ አትለፉ። ትዕዛዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ «አሜን፣ እናትሽስ ደህና ናቸው?» ስትሉ «ለፋሲካ ቀሚስ እፈልግላቸው ነበር» ይመጣል። እዚያው ሕዝብ ፊት ዋጋ አትናገሩ፣ «በውስጥ ልጻፍልሽ» ብላችሁ ውሰዷት። ዋጋ በጥበቡ ስፋትና በጥልፉ ይለያያል፣ የአንዷን ያየች ሌላዋ ለምን በዛብኝ ትላለች።

እና «ለጥፍ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ጽሑፉን ለአንድ ሰው ላኩና ቁጥሩን ከጽሑፉ ላይ ተጭኖ ይደውልላችሁ። ስልካችሁ ከጮኸ ለጥፉት።