የእንስሳትን ሰላምታ ስናይ የምንሳሳታቸው አራት ነገሮች

ውሻው ጅራቱን ከቆላ ደስ ብሎታል እንላለን። ጭላዳው ጥርሱን ካሳየ ሳቀ እንላለን። የእንስሳትን ባሕርይ የሚያጠኑ ሰዎች ግን ሰላምታን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው። ለእነሱ ሰላምታ ማለት፣ ሊጎዳዱ የሚችሉ ሁለት እንስሳት ሲቀራረቡ አንዱ የሌላውን ሐሳብ የሚፈትሽበት ጊዜ ነው። ስህተቶቻችንም የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

ጅራት ከተቆላ ሰላም ነው ማለት

ይህ ስህተት ሰውን ሊያስነክስ ይችላል። የሚቆላ ጅራት ውሻው መነቃቃቱን ይናገራል፤ በደስታ ይሁን በስጋት ግን ብቻውን አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በጣሊያን የባሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ30 ውሾችን ጅራት በካሜራ ቀረጹ። ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ ጊዜ ባለቤቱን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የማያውቀውን ኃይለኛ ውሻ አሳዩት። ባለቤቱን ሲያይ ጅራቱ ወደ ቀኝ አመዘነ። ኃይለኛውን ውሻ ሲያይ ወደ ግራ አመዘነ። የቀኙን ጎን የሚያዝዘው የግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል ደግሞ ወደሚወዱት ነገር ከመቅረብ ጋር ይያያዛል። የቀኙ ክፍል በአንጻሩ ከመራቅና ከስጋት ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲሁ ሌሎች ውሾች ወደ ግራ የሚቆላ ውሻ በቪዲዮ ሲያዩ ልባቸው በፍጥነት እንደሚመታ ታይቷል።

ሆኖም ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ መንገድ ላይ ቀኝና ግራውን ለመለየት አይሞክሩ። ይልቅ ሙሉ ሰውነቱን ይዩ። ወገቡ ጭምር ከተወዛወዘ ዘና ብሏል። ሰውነቱ ደርቆ፣ ጅራቱ ወደ ላይ ቆሞ ጫፉ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ግን እጅዎን አይዘርጉ።

ውሾችን በተወጠረ ገመድ ፊት ለፊት ማገናኘት

ነፃ የሆኑ ውሾች ብዙ ጊዜ ቀጥ ብለው አይጋጠሙም። ጎን ለጎን ዞረው ይጠጋጋሉ፣ ከዚያ አንዱ የሌላውን ከጅራቱ ሥር ያሸታል። እዚያ ያሉት እጢዎች ሽታ የውሻውን ማንነት ይነግረዋል። ባለቤቶች አፍረው የሚጎትቱት እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ግን ለውሻው ዋናው ሰላምታ ነው፣ ባይከለከል ጥሩ ነው።

ገመዱ ሲወጠር የውሻው አንገት ወደ ላይ ይሳባል፣ ደረቱ ወደ ፊት ይወጣል። ሌላው ውሻ ይህን እንደ ዛቻ ሊያየው ይችላል። የታሰረው ደግሞ ዞሮ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ገመዱን ላላ ያድርጉ፣ ትንሽ ይሸታተቱ፣ ከዚያ ውሻዎን ጠርተው ይራመዱ። አንደኛው ባለበት ከደረቀ ግን ቶሎ ማራቅ ነው።

የታየ ጥርስን ፈገግታ ማለት

ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ ፎቶ የሚያነሳው ሰው ብዙ ነው። ጭላዳው እየሳቀ አይደለም፤ ተጨንቋል ወይም እያስጠነቀቀ ነው። በፎቶው ሥር «ፈገግ አለልኝ» ብሎ መጻፍ ያሳዝነኛል። በወዳጅነት የቀረበ ጭላዳ ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ ያማታል እንጂ እንዲህ አይገለብጥም።

የወንድ ዝንጀሮዎችን ሰላምታ እንደ ፍቅር ወይም እንደ ጥቃት ማየት

ትልቁን ትምህርት የሰጡን እነዚህ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ባርባራ ስመትስና ጆን ዋታናቤ ኬንያ ውስጥ በጊልጊል አካባቢ ጎልማሳ ወንድ ዝንጀሮዎች ሲገናኙ ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ። አንዱ ፈጠን ባለ አረማመድ ወደ ሌላው ይመጣል። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ዓይኑን አጥብቦ ከንፈሩን ያማታል። ከዚያ አንዱ መቀመጫውን ያዞራል፤ ሌላው ወገቡን ይይዛል፣ ላዩ ላይ ይወጣል ወይም ብልቱን ይነካል። በሰከንዶች ውስጥ አልቆ ይለያያሉ።

ወሲብ የሚመስለው ይህ ድርጊት የእምነት ፈተና ነው። ወንዶቹ ስለት የመሰለ ክራንቻ አላቸው፤ ከጠብ ውጭ እምብዛም አይነካኩም። በቀላሉ ሊጎዳ የሚችል አካልን ለተፎካካሪ መስጠት «አልነክስህም፣ አንተም አትነክሰኝም» ከማለት ጋር አንድ ነው።

ተመራማሪዎቹ ማን እንደጀመረ፣ ማን እንዳዞረ፣ ድርጊቱ ተፈጽሞ ወይስ ተቋርጦ እንደሆነ ይመዘግቡ ነበር። የተቋረጠውን ከመዝገብ መተው ትልቅ ጥፋት ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም ወጣት ወንዶች ብዙውን ጊዜ መጨረስ ያቃታቸው ነበር። ይፋጠጡና ይዟዟራሉ፣ ከዚያ አንዱ ጥሎ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ግን ይጨርሱታል። አሌክስና ቦዝ የተባሉ ሁለት አሮጌ ወንዶች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ዛሬ አንዱ ካዞረ በሚቀጥለው ሌላው ያዞራል። እነዚሁ ሁለቱ ወጣቶችን ለመቋቋም በጠብም ይረዳዱ ነበር። ሰላምታው ትብብሩን ፈጠረ ወይስ ትብብሩ ሰላምታውን አቃና የሚለውን ግን ምልከታ ብቻውን አይፈታውም።