እንጀራ በፖስታ ሻግቶ ከደረሳችሁ

እዚህ አሜሪካ እንጀራ ኦንላይን የምታዙ፣ ካርቶኑን ሳትከፍቱ ፎቶ አንሱት፣ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ቀን ይታይ፣ ስትከፍቱ ደሞ ቪዲዮ። በሁለት ቀን ይደርሳል የተባለው በአምስተኛው ቀን መጣልኝ፣ ላስቲኩ ውስጡ አልቦት ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል። ያኔውኑ ፎቶውን ለሻጮቹ ስልክላቸው 20 ፐርሰንት ኩፖን እንስጥህ አሉኝ (ለሌላ ሻጋታ መግዣ መሆኑ ነው)፣ እምቢ አልኩ። ከሻገተ ሙሉ ዋጋው ከነመላኪያው ይመለስ፣ ደረቅ ብሎ ለፍርፍር የሚሆን ከሆነ ግን ግማሹ ይበቃል። ከፖስታ ቤቱ ጋር ጨርሱ ካሏችሁ አትስሙ፣ ብሩን የተቀበላችሁ ሻጩ ነው፣ ከፖስታው ጋር እሱ ይጨቃጨቅ። ዝም ካሉ በክሬዲት ካርዳችሁ ዲስፒዩት አድርጉ፣ እስከዛ እንጀራውን አስራችሁ አስቀምጡት እንጂ አትጣሉት