ልጅ ታሞ ሲቀር ለውጭ አገር መምህር የሚጻፍ ማስታወሻ

ከድሬዳዋ ወደ እንግሊዝ የሄደች እህቴ፣ ልጇ ለመጨረሻ ጊዜ «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» እንዳስታወከ ለመምህርቱ ልትጽፍ ስትል ያስተካከልነው ነገር ለሌላውም ወላጅ ይጠቅማል። ይህ ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት፣ ቀኑም ማክሰኞ ነው። እዚያ የጤና መመሪያው ያስታወከ ልጅ ከመጨረሻው ትውከት በኋላ 48 ሰዓት ቤት እንዲቆይ ስለሚያዝ፣ መነሻው ከተዛባ የመመለሻው ቀንም ይዛባል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ «ልጄ ዛሬ ሌሊት 2 ሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ስላስታወከ ዛሬና ነገ ቀርቶ ሐሙስ ይመለሳል» ብላ በእንግሊዝኛ ላከች። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ እንጂ የእርሷ ስላልሆነ (እዚያ ብዙ ጊዜ ግር የሚያሰኘው ይኸው ነው) ሙሉ ስሙንና ክፍሉን ጽፋ «እናቱ ነኝ» የሚል አከለችበት።